አልለዚ የሚገባበትና የማይገባበት ቦታ፦ የአማርኛን «የ» ወደ አረብኛ የማዞር አሠራር

«አልለዚን መቼ ነው የማስገባው?» አረብኛ ከሚማሩ ወገኖቼ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። አንዳንዱ ሁሌ ያስገባታል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይፈራታል። ሁሉንም በየስልኩ ከመመለስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የገልፍ አገር ነዋሪ የሆነች አንዲት ጓደኛዬ ቤት ስትፈልግ ለደላላ መልእክት ጻፈች። ልትል የፈለገችው «ሁለት ክፍል ያለው ቤት እፈልጋለሁ» ነው። የጻፈችው ግን «ኡሪዱ አል-በይት አልለዚ ፊሂ ጉርፈታን» የሚል ሆነ። ደላላው «የትኛውን ቤት?» ብሎ መለሰላት። እሷም ተናደደች፤ ቤት አሳየኝ ስለው የትኛውን ይለኛል አለች። ደላላው ግን አልተሳሳተም። የጻፈችለት «ያንን ባለሁለት ክፍሉን ቤት እፈልጋለሁ» የሚል ነበር። እሱ ደግሞ «ያንን» የሚባል ቤት አያውቅም።

ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። አረብኛ አዛማጅ ተውላጠ ስሙን፣ ማለትም አልለዚንና ቤተሰቧን፣ የሚያስገባው የሚገለጸው ስም የታወቀ ሲሆን ብቻ ነው። ስሙ ያልታወቀ ከሆነ ምንም አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ይህንን ሳይሳሳቱ የመሥራት አካሄድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ (አንዱ ለስሙ፣ አንዱ ለገላጩ ዐረፍተ ነገር)
- የራሳችሁ አምስት ወይም ስድስት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች፣ ሁሉም «የ» ወይም «የሚ» ያለበት ግሥ የያዙ
- በአረብኛ ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ፦ «አል»ን፣ የኃላፊና የአሁን ጊዜ ግሥ እርባታን፣ እንዲሁም ከቃል መጨረሻ የሚለጠፉትን ሁ (እሱን)፣ ሃ (እሷን)፣ ሁም (እነሱን)
- አልለዚና ዘመዶቿ፣ በትንሽ ወረቀት ተጽፈው፦ አልለዚ ለአንድ ወንድ፣ አልለቲ ለአንዲት ሴት፣ አልለዚነ ለብዙ ወንዶች፣ አልላቲ ለብዙ ሴቶች

ለሁለት የሚሆኑ ቅርጾችም አሉ። ለጊዜው ተዉአቸው፤ ከእነዚህ አራቱ ጋር ሳትላመዱ እነሱን መጨመር ራስን ማደናገር ነው።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር። አረብኛውን በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው። በአልለዚ ውስጥ ያለው «ዚ» ምላስ በጥርስ መሃል ወጣ ብሎ የሚነገረው ድምፅ ነው፤ «ለ» የሚለው ድምፅም ይጠብቃል። በስሞች መጨረሻ ላይ የሚመጡትን ኡንና ኢን አብዛኛውን ጊዜ ትቻቸዋለሁ። ደብተራችሁ ላይ ግን በአረብኛው ፊደል ጻፉት።

መጀመሪያ ይህችን ተረዱ

ደረጃዎቹን ከመጀመራችን በፊት፣ አንድ የምታውቁትን ነገር ላስታውሳችሁ። በአረብኛ ቅጽል ስሙን ይመስላል።

በይት ከቢር፦ ትልቅ ቤት
አል-በይት አል-ከቢር፦ ትልቁ ቤት
አል-በይት ከቢር፦ ቤቱ ትልቅ ነው

ስሙ አል ካለው ቅጽሉም አል ይይዛል። ስሙ ከሌለው ቅጽሉም የለውም። ስሙ ይዞ ቅጽሉ ካልያዘ ደግሞ ሐረግ መሆኑ ይቀርና ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል።

አሁን ከቢርን አውጡና በቦታው «ምግብ ቤት ይሠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገቡ።

ረጁል የዕመሉ ፊል-መጥዐም፦ ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው
አር-ረጁል አልለዚ የዕመሉ ፊል-መጥዐም፦ ምግብ ቤት የሚሠራው ሰው
አር-ረጁል የዕመሉ ፊል-መጥዐም፦ ሰውየው ምግብ ቤት ይሠራል

ያው ሦስት መስመር ነው። ዐረፍተ ነገር እንደ ቅጽል ሲሆን፣ እንደ ቅጽል ስሙን መምሰል አለበት። ችግሩ «የዕመሉ» ግሥ ስለሆነ ፊቱ ላይ አል መለጠፍ አይቻልም። ስለዚህ አረብኛ አል የምትሸከምለት ቃል ያስገባል። አልለዚን አፍ ላይ ስታመጧት መነሻዋ ራሱ «አል» ነው። ያልታወቀ ስም ሲሆን ግን የሚሸከሙት አል ስለሌለ ተሸካሚም አያስፈልግም። የአረብኛ ሰዋስው መምህራን ለሁለቱ የተለያየ ስም የሰጡት ለዚህ ነው፤ ከአልለዚ በኋላ የሚመጣውን «ጺላ»፣ ያለ አልለዚ የሚመጣውን «ጺፋ» ይሉታል። ጺፋ ማለት ራሱ ቅጽል ማለት ነው።

ይህች ከገባቻችሁ የቀረው ሥራ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ስሙን ከገላጩ ለዩት

የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ጻፉ። የሚገለጸውን ስም በአንዱ ቀለም፣ «የ» ያለበትን ግሥና ከእሱ ጋር ያለውን በሌላው ቀለም አስምሩ።

ለምሳሌ «ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው መጣ» በሚለው ውስጥ ስሙ «ሰው» ነው። ገላጩ «ምግብ ቤት የሚሠራ» ነው። «መጣ» ከሁለቱም ውጭ ነው፤ የትልቁ ዐረፍተ ነገር ግሥ ነው። ይህንን ካልለያችሁ በኋላ ሁለቱ ግሦች ይጋጩባችኋል።

ደረጃ 2፦ ስሙን ወደፊት አምጡት

አማርኛ ገላጩን ያስቀድማል፤ «የሚሠራ ሰው»። አረብኛ ስሙን ያስቀድማል፤ «ሰው ይሠራል» እንደማለት። ስለዚህ ሌላ ምንም ሳትነኩ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ። ቀላል ይመስላል። ግን ረጅም ዐረፍተ ነገር ላይ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ አሥር ቃል ከተናገርን በኋላ ነው ስሙን የምንጠራው።

ደረጃ 3፦ ስሙ የታወቀ ነው ወይስ ያልታወቀ?

ይህ ዋናው ደረጃ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ደስ የሚለው ነገር፣ አማርኛም ይህንን ልዩነት ያደርጋል። «የመጣ ሰው» ስንል ማንም ሊሆን ይችላል። «የመጣው ሰው» ስንል ግን እኔም አንተም የምናውቀው ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» አልን ትተካለች። ስለዚህ፦

የሚሠራ ሰው፦ ረጁል የዕመሉ
የሚሠራው ሰው፦ አር-ረጁል አልለዚ የዕመሉ

ለሴትም ያው ነው። «የምትሠራ ሴት» ብንል አልለቲ አትገባም፤ «የምትሠራዋ ሴት» ወይም «የምትሠራው ሴት» ብንል ትገባለች።

ማስጠንቀቂያ። ይህች የ«ው» ፈተና የምትሠራው ስሙ የገላጩ ግሥ ባለቤት ሲሆን ነው፤ ሰውየው ራሱ ሲሠራ፣ ራሱ ሲመጣ። ስሙ ተሳቢ ከሆነ ፈተናዋ ታታልላችኋለች። «አንድ የማውቀው ሰው» የሚለውን ተመልከቱ። «ው» አለች። ግን ሰውየው ያልታወቀ ነው፤ «አንድ» ብለናላ! እዚህ ላይ ያለችው «ው» የታወቀ ማለት ሳትሆን «እሱን» ማለት ናት፤ አውቀዋለሁ የሚለው ውስጥ ያለችው ናት። አንድ ፊደል ሁለት ሥራ።

ስለዚህ ስሙ ተሳቢ ሲሆን ሌላ ፈተና ተጠቀሙ። ከፊቱ «አንድ» ብላችሁ አስገቡ። ልትሉ የፈለጋችሁት ሐሳብ ካልተበላሸ ያልታወቀ ነው። «ያ» ስትሉ የበለጠ ከተስማማ ደግሞ የታወቀ ነው።

አንድ የማውቀው ሰው ነገረኝ፦ ረጁል አዕሪፉሁ
ያ የማውቀው ሰው ነገረኝ፦ አር-ረጁል አልለዚ አዕሪፉሁ

በአረብኛው በኩል ደግሞ አንድ ስም አል ባይኖረውም የታወቀ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን መንገዶች ያዙ።

የሰው ወይም የቦታ መጠሪያ ከሆነ የታወቀ ነው። «ሙሐመዱን» ሲባል መጨረሻው ላይ ያለችው «ኡን» እንዳታታልላችሁ። ኡን ሁልጊዜ «አንድ» ማለት አይደለችም።

«የእኔ»፣ «የእሱ» የሚል ቅጥያ ከያዘ የታወቀ ነው። አኺ ማለት ወንድሜ ነው፤ ስለዚህ «ጂዳ የሚኖረው ወንድሜ» ማለት አኺ አልለዚ የስኩኑ ፊ ጂዳ ነው። «ጂዳ የሚኖር ወንድም አለኝ» ከሆነ ግን ሊ አኽ የስኩኑ ፊ ጂዳ ይሆናል። በሁለተኛው አኽ ብቻውን ቆሟል፤ «የእኔ» የምትለው ሊ ለብቻዋ ወጥታለች። ስለዚህ አልለዚ የለችም።

ከታወቀ ስም ጋር ከተዛረፈ የታወቀ ነው። ባብ አል-በይት «የቤቱ በር» ነው፤ የታወቀ። ባብ በይት «የቤት በር» ነው፤ ያልታወቀ። ማየት ያለባችሁ የመጨረሻውን ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ቃል እኮ በሁለቱም አል የለውም።

ደረጃ 4፦ አስገቡ፣ ወይም እጃችሁን ሰብስቡ

ያልታወቀ ከሆነ ምንም አታስገቡ። ባዶ ቦታ ስታዩ «የሆነ ነገር ጎድሏል» የሚል ስሜት ይመጣል። አማርኛችን ለታወቀውም ላልታወቀውም «የ»ን ስለሚያስገባ ነው። ስሜቱን እለፉት።

የታወቀ ከሆነ ከወረቀቱ ላይ በጾታና በቁጥር የሚስማማውን ምረጡ። አር-ረጁል አልለዚ፣ አል-መርአ አልለቲ፣ አል-ዑማል አልለዚነ (ሠራተኞቹ)፣ አን-ኒሳእ አልላቲ (ሴቶቹ)።

እዚህ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰው ያልሆነ ነገር ሲበዛ አረብኛ እንደ አንዲት ሴት ይቆጥረዋል። «ያነበብኳቸው መጻሕፍት» ማለት አል-ኩቱብ አልለቲ ቀረእቱሃ ነው። አልለዚነ ብትሉ መጻሕፍቱን ሰው አደረጋችኋቸው።

ደረጃ 5፦ ገላጩን ራሱን እንደቻለ ዐረፍተ ነገር ጻፉት

«የ»ን ከአማርኛው አውጡና ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ አድርጉት። «የማውቀው» የሚለው «አውቀዋለሁ» ይሆናል። «የምኖርበት» የሚለው «እኖርበታለሁ» ይሆናል። ያንን ተርጉሙ፦ አዕሪፉሁ፤ አስኩኑ ፊሂ። ሌላ ለውጥ የለም።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው ገላጩ ብቻውን ሲነበብ ሙሉ ሆኖ መቆም ስላለበት ነው። ቆሞ ካልተነበበ የሆነ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የሚቀጥለው ደረጃ ላይ ያለው ነው።

ደረጃ 6፦ ወደ ስሙ የምትመለሰውን ቅጥያ አትርሱ

በገላጩ ውስጥ ወደ ስሙ የሚመለስ ነገር መኖር አለበት። አረቦቹ «ዓኢድ» ይሉታል፤ ተመላሽ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል። እኛ ግን ልንቸገር አይገባም፤ አማርኛ ይህንኑ ያደርጋላ። ጎን ለጎን አስቀምጡት፦

የማውቀው ሰው፦ «ው» ቦታ ሁ፤ አዕሪፉሁ
የማውቃት ሴት፦ «አት» ቦታ ሃ፤ አዕሪፉሃ
የምኖርበት ቤት፦ «በት» ቦታ ፊሂ፤ አስኩኑ ፊሂ
የጻፍኩላት ሴት፦ «ላት» ቦታ ለሃ፤ ከተብቱ ለሃ
የሄድኩበት ከተማ፦ «በት» ቦታ ኢለይሃ፤ ዘሀብቱ ኢለይሃ

የመጨረሻውን ልብ በሉ። አማርኛው ያው «በት» ነው፤ አረብኛው ግን «ሄደ» የሚለው ግሥ የሚወስደውን ኢላን ይፈልጋል። «መዲና» ደግሞ ሴት ስለሆነች ሃ ነው የሚለጠፈው። ስለዚህ የአማርኛውን ቅጥያ «ቦታው እዚህ ነው» የምትል ምልክት አድርጓት እንጂ ቃል በቃል አትቅዷት።

ስሙ የገላጩ ባለቤት ከሆነ ግን ምንም አትለጥፉ። በ«የዕመሉ» ውስጥ «እሱ» አለ፤ መነሻዋ «የ» እሱን ትናገራለች።

የባለቤትነት ነገር ሲመጣ ቅጥያው ስም ላይ ይለጠፋል። «ልጁ የታመመበት ሰው» ማለት ረጁል ኢብኑሁ መሪድ ነው፤ ቃል በቃል «ሰው፣ ልጁ ታማሚ ነው»። ከታወቀ፣ አር-ረጁል አልለዚ ኢብኑሁ መሪድ።

ቅጥያዋ ለታወቀውም ላልታወቀውም ታስፈልጋለች። የምትገባውና የምትወጣው አልለዚ ብቻ ናት፤ ከእሷ በኋላ ያለው በሁለቱም አንድ ነው። በጽሑፍ አንዳንዴ ከአልለዚ በኋላ ያለች ሁ ተትታ ታገኙ ይሆናል፤ ግሥ ላይ ያለች ስትሆን ይፈቀዳል። እናንተ ግን ሁሌ ጻፏት፤ አትሳሳቱም። ከመስተዋድድ ጋር ያለችውን፣ እንደ ፊሂ ያለችውን፣ በምንም አትተዉ።

ደረጃ 7፦ ሸፍናችሁ አንብቡ

አልለዚን በጣታችሁ ሸፍኑ። ስሙ አል ኖሮት አልለዚ ስትሸፈን ሐረጉ ወደ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከተለወጠ፣ ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ነበረች ማለት ነው። «አር-ረጁል … የዕመሉ ፊል-መጥዐም» ሰውየው ምግብ ቤት ይሠራል ሆኗል። ቀጥሎ ከስሙ በኋላ ያለውን ብቻውን አንብቡት። ተመላሿ ካለች ሥራው አልቋል።

አንድ ሙሉ ሥራ፦ የጓደኛዬ መልእክት

አሁን ወደ ደላላው እንመለስ። መልእክቱን አብረን አስተካከልነው።

«ሁለት ክፍል ያለው ቤት እፈልጋለሁ።» ስሙ ቤት። ገላጩ «ሁለት ክፍል ያለው»። የታወቀ ነው? «ያለው» ውስጥ ያለችው «ው» አሳስታት ነበር። ግን «አለው» ስንል ያለችው ናት፤ ቤቱ አለው። «አንድ» ብናስገባ? አንድ ሁለት ክፍል ያለው ቤት እፈልጋለሁ። ይሄዳል። ስለዚህ ያልታወቀ፤ አልለዚ የለም፤ አልም የለም። ገላጩ ራሱን ሲችል «በእሱ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ» ነው፤ ፊሂ ጉርፈታን። ሙሉው፦ ኡሪዱ በይተን ፊሂ ጉርፈታን።

ኪራዩ ርካሽ የሆነ ቤት ብላ መጨመር ፈለገች። ይህ የባለቤትነት ነው፤ ኪራዩ የቤቱ። በይት ኢጃሩሁ ረኺጽ። አልለዚ አሁንም የለችም፤ ቤቱ ገና አልተገኘማ።

ደላላው በማግስቱ አንድ ቤት አሳያት። ከዚያ በኋላ የጻፈችው፦ «ትናንት ያየሁት ቤት ትንሽ ነው።» አሁን ሁሉም ነገር ተለወጠ። ቤቱን እሷም ታውቀዋለች፣ ደላላውም ያውቀዋል። «ያ ትናንት ያየሁት ቤት» ማለት ይስማማል። ስለዚህ አል-በይት አልለዚ ረአይቱሁ አምስ ጸጊር። እዚህ ላይ አልለዚን ብትተዋት ኖሮ «አል-በይት ረአይቱሁ አምስ» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆናል፤ «ቤቱን ትናንት አየሁት»። ከዚያ «ጸጊር» የሚለው ቃል መሄጃ አጥቶ ይቀራል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል።

አያችሁ፣ ያው ቤት ነው። ሲፈለግ ያልታወቀ፣ ከታየ በኋላ የታወቀ። በአብዛኛው ንግግር እንደዚህ ነው የሚሄደው፤ አንድ ነገር መጀመሪያ ያለ አልለዚ ይገባና ሁለተኛ ሲነሳ በአልለዚ ይመለሳል።

በመጨረሻ ስለ ጓደኛዋ ጻፈች። «አብራኝ የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ» ሊ ጸዲቃ ተዕመሉ መዒ ነው። ቀጥላ «አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ» ስትል ግን ጸዲቀቲ አልለቲ ተዕመሉ መዒ አለች። ይህንን ያለ እኔ እርዳታ ነው የጻፈችው።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

*አል የሌለው ስም ላይ አልለዚ መጨመር።* ረጁል አልለዚ የዕመሉ። በጣም የተለመደው ስህተት ነው። መንስኤው «የ = አልለዚ» ብሎ መያዝ ነው። «የ» ከአልለዚ ጋር እኩል አይደለችም።

*የታወቀ ስም ላይ አልለዚን መተው።* ይህ ከላይኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ስህተት መሆኑ ሳይታወቅ ትርጉሙ ይለወጣል። ጃአ ረጁል የድሐኩ ማለት «የሚስቅ ሰው መጣ» ነው። ጃአ አር-ረጁል የድሐኩ ማለት ግን «ሰውየው እየሳቀ መጣ» ነው። ዋናው ግሥ ቀድሞ እያለ፣ የታወቀ ስም ተከትሎ ያለ አልለዚ የመጣ ግሥ ሁኔታን ይናገራል፤ የእኛ «እየ» ማለት ነው። «የሚስቀው ሰውዬ መጣ» ማለት ከፈለጋችሁ አልለዚን አስገቡ።

*የአማርኛን ጾታ ይዞ መሄድ።* «የገዛሁት መኪና» ብለን በወንድ እንናገራለን። በአረብኛ ሰያራ ሴት ናት። ስለዚህ አልለቲም፣ ሃም ያስፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ወዲያው ይታወቃል።

*«ምርጡ»፣ «የመጀመሪያው»፣ «የመጨረሻው»።* ጥሩ ተማሪዎችንም የሚጥለው ይህ ነው። «መጀመሪያ የኖርኩበት ቤት» አንድና የታወቀ ቤት ነው፤ ስለዚህ አልለዚ መግባት ያለባት ይመስላል። አረብኛው ግን አወል በይት ሰከንቱ ፊሂ ይላል። ሰዋስው የሚያየው ትርጉሙን ሳይሆን ቃሉን ነው። አወል ከ«በይት» ጋር ተዛርፏል፤ በይት አል የለውም፤ ስለዚህ ሙሉው ያልታወቀ ነው። «ካነበብኳቸው ሁሉ ምርጡ መጽሐፍ» አፍደል ኪታብ ቀረእቱሁ ይሆናል። «እሱን ያየሁበት የመጨረሻ ጊዜ» ደግሞ ኣኺር መራ ረአይቱሁ ፊሃ ነው፤ እዚያ ሃ ወደ «መራ» (ጊዜ) ትመለሳለች፤ ሁ ሰውየው ነው።

*«እያንዳንዱ»።* በአማርኛ መጨረሻው የታወቀ ይመስላል። ኩል ረጁል የዕመሉ ሁና (እዚህ የሚሠራ እያንዳንዱ ሰው) ሲባል ግን ረጁል አል ስለሌለው አልለዚ አትገባም።

በሰፈር አረብኛስ?

ሥራ ቦታ የምትሰሙት ንግግር ከዚህ ይቀላል። አልለዚ፣ አልለቲ፣ አልለዚነ የሚባሉት በሙሉ በአንዲት ቃል፣ በኢልሊ ይጠቃለላሉ። ጾታ የለ፣ ቁጥር የለ። ዋናው ሕግ ግን እዚያም አለ፦ አል-ቤት ኢልሊ አስኩን ፊህ (የምኖርበት ቤት)፤ ቤት ፊህ ጉርፈቴን (ሁለት ክፍል ያለው ቤት)። ስለዚህ በጆሯችሁ የምታውቁትን ፈተና አድርጉት። በሰፈር አረብኛ ኢልሊ የምትሉበት ቦታ ላይ በጽሑፍ አልለዚ ወይም ዘመዷ ትገባለች። ኢልሊን ግን ደብዳቤና ማመልከቻ ላይ አትጻፉ።

ሞክሩት

መልሱን ሳታዩ ደብተራችሁ ላይ ሥሩ።

1. የገዛሁት መኪና ተበላሸ።
2. አረብኛ የሚናገር ሐኪም እፈልጋለሁ።
3. የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ
4. ወንድሙ ሐኪም የሆነ ጓደኛ አለኝ።
5. የምንኖርበት ሰፈር ጸጥ ያለ ነው።

መልስ፦

1. አስ-ሰያራ አልለቲ ኢሽተረይቱሃ ተዐጠለት። የታወቀ፣ ሴት፣ ተመላሿ ሃ።
2. ኡሪዱ ጠቢበን የተከለሙ አል-ዐረቢያ። ማንም ይሁን፣ ስለዚህ ባዶ። አል-ዐረቢያ ላይ ያለችው አል የቋንቋው ናት፤ ሐኪሙን አትነካውም።
3. አወል ሪሳላ ከተብቱሃ። «የመጀመሪያው» የሚለው ወጥመድ። አልለቲ ካስገባችሁ «ምርጡ» የሚለውን ክፍል ድገሙት።
4. ሊ ጸዲቅ አኹሁ ጠቢብ። ተመላሿ «አኹሁ» ላይ ነች።
5. አል-ሐይ አልለዚ ነስኩኑ ፊሂ ሃዲእ። ፊሂን ከረሳችሁ «ነስኩኑ» ብቻውን ቀርቶ «እንኖራለን» ብቻ ይላል፤ የት እንደሆነ ሳይናገር።